የሠላሳ አምስቱ ትሪ ምሳሌ

ቢሾፍቱ ውስጥ፣ ከሐይቆቹ በአንዱ ዳር 40 ክፍል ያለው ሆቴል ነበረ እንበል። በሥራ ቀናት ለስብሰባና ለሥልጠና የሚመጡ ሠራተኞች ያርፉበታል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚወርዱ ቤተሰቦች ይሞሉታል። ቁርስ የሚጀመረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት እንቁላል ከሌለ፣ ሼፉ ሌላ ምንም ቢሠራ እንግዳው ቁርስ እንዳላገኘ ይቆጥረዋል።

የሆቴሉ እንቁላል አቅራቢ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ቀረ። ሁለቴም ሹፌሩ በሌሊት ከሱቅ ሱቅ እየዞረ እንቁላል ለቀመ። በሦስተኛው ሳምንት ግዥ ክፍሉ እንደ ደንቡ ሦስት ፕሮፎርማ እንዲሰበሰብ አዘዘ።

የመጀመሪያው ፕሮፎርማ የመጣው ከአንድ ነጋዴ ነው። ይህ ሰው የራሱ ዶሮ የለውም፤ ከየቤቱ ገዝቶ ያከፋፍላል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፦ «እንቁላል፣ አንዱ 13 ብር። ዋጋው እንደ ገበያው ሊለወጥ ይችላል።» ሁለተኛው ከአንድ ትልቅ እርባታ የመጣ ሲሆን ዋጋውም ጥራቱም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ድርጅቱ ከ200 ትሪ በታች ለማድረስ መኪና አያንቀሳቅስም። ሦስተኛዋ አቅራቢ በግቢዋ 300 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያሏት ሴት ነበረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ለሰፈር ሱቆችና ለጎረቤት እንጂ ለድርጅት ሸጣ አታውቅም።

ሴትዮዋ ፕሮፎርማ ስትጠየቅ ዋጋ ከመጻፏ በፊት ወደ ሆቴሉ ሄደች። ግዥ ክፍሉ ጋ ብዙም አልቆየችም፤ ወደ ወጥ ቤቱና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ አለፈች። ሼፉን «እስካሁን በመጣልህ እንቁላል ምን ያስቸግርሃል ልጄ?» ብላ ጠየቀችው።

«መጠኑ ነዋ፣ እትዬ!» አላት። «አንዱ ትሪ ውስጥ ትልቅም ትንሽም ተቀላቅሎ ይመጣል። 60 እንቁላል አንድ ላይ ስቀቅል ግማሹ ይበስላል፣ ግማሹ ጥሬ ይቀራል።»

የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ችግር ሌላ ነበር። እንቁላሉ የሚደርሰው እሷ ምሳ በወጣችበት ወይም ሥጋና አትክልት በምትረከብበት ሰዓት ነው። የተሰነጠቀውን ለይታ ብትመልስ አቅራቢው ይከራከራታል፤ ሳትቆጥር ብትረከብ ደግሞ ሼፉ ይወቅሳታል። የሒሳብ ሠራተኛው ነገር ይበልጥ አጭር ነበር፦ «ደረሰኝና የመረከቢያ ወረቀት ካልተያያዘ ክፍያ አላዘጋጅም።»

ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ሰምታ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ግዥ ክፍሉ የጠየቀው በሳምንት 45 ትሪ ነበር። አንዱ ትሪ 30 እንቁላል ይይዛል። እሷም እንቁላሏን በየቀኑ የምትመዘግብበት ደብተር ስላላት ገልጣ አየችው። ዶሮዎቿ በአማካይ በቀን 240 ይጥላሉ፤ በሳምንት 56 ትሪ መሆኑ ነው። 45 ትሪ መስጠት እንግዲህ ቀላል ይመስላል፤ እንዲያውም 11 ይተርፋል።

ሴትዮዋ ግን ከአማካዩ ይልቅ ያሳለፈቻቸውን መጥፎ ሳምንታት ፈለገች። መኖ በተለወጠበት፣ ሙቀት በበረታበት፣ ክትባት በተሰጠበት ሰሞን ምርቱ በአንድ ሦስተኛ ያህል ቀንሶ አገኘችው። በእንዲህ ያለ ሳምንት እጇ ላይ የሚገኘው 37 ትሪ ገደማ ነው። ስለዚህ 35 ብላ ጻፈች።

የግዥ ሠራተኛው ወረቀቱን ሲያይ ቅር አለው። «እትዬ፣ እኛ የጠየቅነው 45 ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። በደህናው ሳምንት 45 እችላለሁ፤ በክፉው ሳምንት ግን አልችልም። 35ቱን ግን በክፉውም ሳምንት ታገኛለህ። የቀረውን 10 ከፈለግህበት ግዛ፤ እሱ ቢቀር ቁርስህ አይቀርም።»

የቀረው የወረቀቱ ይዘት እንዲህ ይላል። እንቁላሉ የእርባታ ዶሮ እንቁላል ነው፤ የአንዱ ትሪ እንቁላል ያለ ትሪው ክብደት ከ1,650 ግራም አያንስም። ይህም አንዱ በአማካይ 55 ግራም ማለት ነው። ከተጣለ ከ5 ቀን በላይ የቆየ አይቀርብም፤ የተጣለበት ቀን በየትሪው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ይጻፋል። እንቁላሉ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ በውኃ አይታጠብም። (ይህን ሼፉ ወደደው። የቅርፊቱ ላይ ስስ ሽፋን በውኃ ሲታጠብ ይነሣና እንቁላሉ ቶሎ ይበላሻል።) ማስረከቢያው ሰኞና ረቡዕ 10፣ ዓርብ 15 ትሪ ሲሆን ሰዓቱ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ሥጋ ተረክባ ከጨረሰች በኋላ መሆኑ ነው። በማስረከቢያው ጊዜ ተሰንጥቆ የተገኘ በሙሉ በሚቀጥለው ዙር ያለ ክርክር ይተካል።

ዋጋው አንዱ 14 ብር፣ የባጃጅ ማጓጓዣን ጨምሮ እስከ ግምጃ ቤቱ በር። አቅራቢዋ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አላት፤ የቫት ተመዝጋቢ አይደለችምና ቫት አይታሰብም። ዋጋው ለሦስት ወር፣ ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይጸናል። በሁዳዴ ጾም ሆቴሉ ከ10 ቀን በፊት አሳውቆ ትእዛዙን እስከ 20 ትሪ ሊቀንስ ይችላል፤ የአንዱ ዋጋ ግን አይወርድም። በፋሲካ ሰሞን ገበያው የቱንም ያህል ቢወደድ ዋጋው አይጨምርም።

የግዥ ሠራተኛው የነጋዴውን 13 ብር ከጎኑ አስቀምጦ ወደ ሒሳብ ክፍል ሄደ። የሒሳብ ሠራተኛው ግን ቀደም ያሉትን የመረከቢያ ወረቀቶች አውጥቶ አያቸው። በአንድ ትሪ በአማካይ ሁለት ስንጥቅ እየተገኘ ይጣል ነበር። የነጋዴውም እንዲሁ ከሆነ፣ ትሪው በ13 ሒሳብ 390 ብር ነው፤ ለ28 ደህና እንቁላል ሲካፈል አንዱ 13 ብር ከ93 ሳንቲም ይመጣል። በዚያ ላይ ሹፌሩ የሚሄድበት ነዳጅ አለ። በ7 ሳንቲም ልዩነት የተለየ ጠዋት ሊገዙ ነው።

ያም ሆኖ ውሉ ወዲያው አልተፈረመም፤ የክፍያው ጉዳይ ገና አላለቀም ነበርና። ሆቴሉ የሚከፍለው ወሩ አልቆ ሒሳብ ከቀረበ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ሴትዮዋ ይህንንም በደብተሯ ላይ አሰላችው። 300 ዶሮ በቀን 35 ኪሎ ገደማ መኖ ይበላል፤ ኪሎው 60 ብር ቢሆን በሳምንት 14,700 ብር ነው። ሆቴሉ በሳምንት የሚወስደው 35 ትሪም ዋጋው ልክ 14,700 ብር ነው። የመኖዋ ገንዘብ በሙሉ ሆቴሉ እጅ ላይ ይቆማል ማለት ነው። ለሱቆች ከምትሸጠው 21 ትሪ በሳምንት 8,000 ብር ገደማ ጥሬ ገንዘብ ብታገኝ፣ ጉድለቱ በየሳምንቱ 6,700 ብር ይሆናል። የመጀመሪያው ክፍያ በስምንተኛው ሳምንት ከመጣ ከ50,000 ብር በላይ ሊኖራት ይገባል። የላትም። ያላት ከዕቁብ የወጣላት 25,000 ብር ነው።

«ሒሳቡን በየ15 ቀኑ ላቅርብ፤ እናንተም በ7 ቀን ውስጥ ክፈሉ» አለች። «ከዚያ ካለፈ ዶሮዎቼ ይራባሉ፤ ዶሮ ከተራበ እናንተም እንቁላል አታገኙም።» የሒሳብ ሠራተኛው ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተማክሮ ተስማማ። በዚህ አከፋፈል ጉድለቱ የሚቆየው ሦስት ሳምንት፣ መጠኑም 20,000 ብር ግድም ነው። የዕቁቡ ገንዘብ ይበቃል።

ሼፉ በመጀመሪያው ቀን አንድ እንቁላል አንሥቶ ሳህን ላይ ሰበረው። አስኳሉ ጉብ ብሎ ቆመ፤ ነጩም ሳይፈስ ዙሪያውን ከበበው። ሌላውን ውኃ ውስጥ ጨመረው፤ ተኝቶ ከሥር ቀረ። አንድ ትሪ ሚዛን ላይ አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ በየጊዜው መመዘኑን ተወ። ሴትዮዋም በየማስረከቢያው የመረከቢያ ወረቀት በካርቦን ሁለት ቅጂ እያዘጋጀች የግምጃ ቤቷን ኃላፊ ታስፈርማለች፤ አንዱን ትሰጣለች፣ አንዱን ይዛ ትመለሳለች።

ዓርብ ጠባብ ቀን መሆኑን ገና ከመነሻው አውቃለች። ከረቡዕ እስከ ዓርብ የሚጣለው 480 ሲሆን ለሆቴሉ ብቻ 450 ይወጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ 10 ትሪ መጠባበቂያ ቤቷ ይኖራል። ይህ መጠባበቂያ ግን ቆሞ የሚያረጅ አይደለም። ዛሬ የተጣለው ይገባል፣ ቀድሞ የገባው ይወጣል። ለዚህ ነው ቀኑ በትሪው ጠርዝ ላይ የሚጻፈው።

በሦስተኛው ሳምንት ክፉው ሳምንት መጣ። አዲስ የመጣው መኖ የኖራ ድንጋይ አንሶት ኖሮ ቅርፊቱ ሳሳ። መጀመሪያ ያወቀችው ማታ ማታ እንቁላሉን በባትሪ ብርሃን ስታይ ነው፤ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ የሚታየው በብርሃን ነውና። ከ30 ውስጥ አንድ ወይም ሁለት የነበረው ስንጥቅ አምስት ደረሰ። በቀን የሚጣለውም ወደ 200 ወረደ። ደህና ሆኖ የሚቀረው በሳምንት 39 ትሪ ገደማ ነው። 45 ብላ ፈርማ ቢሆን ኖሮ በዚያ ሳምንት 6 ትሪ ትጎድል ነበር። 35ቱ ግን ሞላ።

ሞልቶም ዝም አላለችም። ማክሰኞ ማታ ወደ ግምጃ ቤቷ ኃላፊ ደወለች። «እህቴ፣ የነገው 10 ትሪ በሰዓቱ ይመጣል። መኖው አስቸግሮኝ ቅርፊቱ ስስ ነውና ትሪ በትሪ ላይ አብዝታችሁ አትደርድሩ። በእናንተ እጅ የተሰነጠቀም ቢሆን በዚህ ሳምንት እተካለሁ።» የተሰነጠቀውን በዚያው ቀን ለሰፈር ኬክ ጋጋሪ በርካሽ ሸጠችው፤ ለዶሮዎቹ የኖራ ድንጋይ ፍጭ ለብቻው በገንዳ አቀረበች። ከሳምንት በኋላ ቅርፊቱ ጠነከረ። በዚያ ሰሞን ለሱቆቹ የደረሳቸው ጥቂት ነበር። ይህንንም አስቀድማ ነግራቸዋለች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ሆቴሉ ትእዛዙን ወደ 20 ትሪ አወረደ፤ በወረቀቱ መሠረት ከ10 ቀን በፊት አሳውቆ ነበርና ሌላ ገዥ ለመፈለግ ጊዜ አገኘች። ገበያው ላይ እንቁላል ረከሰ። ነጋዴው ወደ ሆቴሉ መጥቶ በ10 ብር ልስጣችሁ አለ። የግዥ ሠራተኛው ስምምነቱን አይቶ አልተቀበለውም።

55ቱ ቀን እያለቀ ሲሄድ ነገሩ ተገለበጠ። የፋሲካ ሳምንት ያው ነጋዴ ወደ ሴትዮዋ ግቢ መጥቶ፣ «ያለሽን ሁሉ በ18 ብር እወስዳለሁ፤ ገንዘቡም ይኸው» አላት። የሆቴሉ ትእዛዝ ወደ 35 ትሪ ተመልሷል፤ ይህም 1,050 እንቁላል ነው፤ በአንዱ 4 ብር ብትጨምር 4,200 ብር ትርፍ ነው። ለበዓል ያን ያህል ገንዘብ የማይፈልግ ቤት የለም። ሴትዮዋ 21ዱን ትሪ በ18 ብር ሸጠችለት፤ 35ቱን በባጃጅ ጭና እንደ ወትሮው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሆቴሉ በር ደረሰች፤ በ14 ብር።

በዚያ ሳምንት ከተማው ላይ እንቁላል ጠፍቶ ነበር። ሚያዝያ ሲያልቅ ሆቴሉ አዲስ ፕሮፎርማ አልሰበሰበም፤ ውሉን ለስድስት ወር አራዘመው፤ ዋጋውንም በመኖው ጭማሪ ልክ አስተካከለላት። 45 ትሪውንም እንደገና ጠየቃት። እሷም 100 ቄብ ገዛች፤ ነገር ግን ጣይ ሆነው፣ እንቁላላቸው መጠኑ ሞልቶ፣ ደብተሯ ላይ ክፉ ሳምንታቸው እስኪታይ ድረስ በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር 35 ሆኖ ቆየ።

ምሳሌው ይህ ነው።

እንቁላሉን በዳቦ፣ በእንጀራ፣ በደብተር ኅትመት፣ በደንብ ልብስ ስፌት ወይም በጽዳት ሥራ መተካት ይቻላል። ትምህርት ቤት ሁዳዴ ብቻ ሳይሆን የሴሚስተር ዕረፍትና ክረምት አለው፤ ስለዚህ በተዘጋበት ሳምንት ትእዛዙ ምን እንደሚሆን ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ፣ ጠዋት የተጋገረው 400 ዳቦ በር ላይ ይቀራል። መሥሪያ ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያዘው ቅርንጫፍ፣ የሚከፍለው ዋና መሥሪያ ቤት ነው። የመረከቢያ ወረቀቱ በሁለቱ መካከል የጠፋበት አቅራቢ ሥራውን በትክክል ሠርቶም ወራት ይጠብቃል።

በብዙ ጀማሪ አቅራቢዎች ዘንድ የማየው ስሕተት ፕሮፎርማን የዋጋ ወረቀት ብቻ አድርጎ ማየት ነው። ውሉን ሊያስቀሩ የሚችሉ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ዕቃውን የሚጠቀምበት፣ የሚረከበው እና የሚከፍለው። ሦስቱም የሚፈሩት ነገር የተለያየ ነው። ሴትዮዋ ዋጋ ከመጻፏ በፊት ሦስቱንም አነጋግራለች፤ ወረቀቷ ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመርም ለአንዳቸው ጥያቄ መልስ ነው። ክብደቱ ለሼፉ፣ ሰዓቱና መተኪያው ለግምጃ ቤቷ ኃላፊ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና የቫቱ ሁኔታ ለሒሳብ ክፍሉ። «እንደ ገበያው ሊለወጥ ይችላል» የሚለው መስመር ግን ለማንም መልስ አይሆንም። እኔ በግሌ እንዲህ ያለ ወረቀት ዋጋው የቱንም ያህል ቢያንስ ውድቅ መደረግ አለበት እላለሁ፤ ዋጋ አይደለምና።

ምሳሌው የማይሸፍነው ነገርም አለ። ክፉው ሳምንታችሁ ከሆቴሉ ፍላጎት እጅግ የሚያንስ ከሆነ፣ ወይም ክፍያው እስኪመጣ ያሉትን ሳምንታት የሚያሻግር ገንዘብ ከሌላችሁ፣ ግልጽ ወረቀት ብቻውን አያድናችሁም። እንዲያውም ውሉን ማሸነፍ ሥራችሁን ሊዘጋው ይችላል። ሴትዮዋ የመክፈያውን ቀን ለማሳጠር የደፈረችው ለዚህ ነው፤ ያን ባታገኝ ኖሮ ዶሮዎቿን ሸጣ ከሆቴሉ ገንዘብ ስትጠብቅ ትገኝ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያ ፕሮፎርማችሁን ልትጽፉ ከሆነ፣ እባካችሁ ከዛሬ ማታ ጀምሮ በየቀኑ የምታመርቱትን መዝግቡ። ትእዛዙ እስኪመጣ አትጠብቁ። አንድ ወርም ቢሆን ጻፉና ዝቅተኛውን ሳምንት አውጡ፤ በወረቀቱ ላይ የምታሰፍሩት ቁጥር ከዚያ የማይበልጥ ይሁን።